የፊደል ተራ ፍተሻ ምንድን ነው?

አዳማ ውስጥ አንድ ዕድር የአባላቱን መዝገብ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ሲያዛውር አግዤ ነበር። ሥራው ባለቀ በሳምንቱ ጸሐፊው ስልኩን ይዞ መጣና «ኃይሉ ከዝርዝሩ የለም እኮ» አለኝ። ነበር። ጸሐፊው «ሀ» ሥር ሲፈልገው ስሙ በ«ኃ» ተጽፎ ስለነበር «ቸ»ን አልፎ፣ ከ«ነ» በፊት ተቀምጦ ነበር። ከዚህ የከፋው ደግሞ ገንዘብ ያዣ ስሙን ስታጣው ከስልኳ ላይ «ሃይሉ» ብላ እንደ አዲስ መዝግባዋለች። አንድ ሰው ሁለት አባል ሆነ፤ በአንደኛው ስም ከፍሎ በሌላኛው ባለ ዕዳ ተባለ።

የፊደል ተራ ፍተሻ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነገር አስቀድሞ የሚያጋልጥ ሥራ ነው። አንድ ስም ከተተየበበት ጊዜ አንሥቶ በዝርዝር ውስጥ ቦታውን ይዞ በሌላ ሰው ስልክ ላይ እስኪነበብ ድረስ ምን እንደሚደርስበት በተለያዩ ስልኮችና ብሮውዘሮች ላይ ይታያል። ብዙ ሰው ፊደሉ በስክሪኑ ላይ ከታየ ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስለዋል። በእኔ ልምድ ግን ችግሩ የሚጀምረው ፊደሉ አምሮ ከታየ በኋላ ነው።

መነሻው መጻፊያው ነው። በላቲን ፊደል ድምፅ እየተነካ አማርኛ በሚጻፍባቸው አብዛኞቹ መጻፊያዎች ላይ የመጀመሪያው ንክኪ የ«ሀ»ን ቤተሰብ ይሰጣል፤ «ሐ»ን ወይም «ኀ»ን ለማግኘት ትልቁን ፊደል መንካት ወይም ያንኑ ቁልፍ መድገም ያስፈልጋል። የቸኮለ ሰው የቀረበለትን ይወስዳል። ስለዚህ ያው ሰው በኮምፒውተር «ኃይሉ»፣ በስልክ «ሃይሉ» ሆኖ ቢገኝ የሚያስወቅሰው የለም። በአማርኛ ሁለቱም አንድ ዓይነት ይነበባሉ።

ለማሽኑ ግን አንድ አይደሉም። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መለያ በ1999 እ.ኤ.አ. የግዕዝን ፊደል ሲቀበል ለእያንዳንዱ ሆሄ የየራሱን ቁጥር ሰጥቷል። «ሃ» `U+1203` ሲሆን «ኃ» `U+1283` ነው። ቁጥሮቹ የተሰጡት በሀለሐመ ቅደም ተከተል ስለሆነ በቁጥር የተደረደረ ዝርዝር የፊደል ገበታውን ተራ ይከተላል። ማሽኑ እንግዲህ አልተሳሳተም፤ በገበታው ላይ «ኀ» በእርግጥም ከ«ቸ» ቀጥሎ ነው። የተሳሳተው ድምፅን ተከትሎ የሚፈልገው ሰው የገበታውን ተራ ይከተላል ብሎ ያሰበው ፕሮግራም አዘጋጅ ነው።

ለፍተሻ የምጠቀምበት ዝርዝር አጭር ነው። በድምፅ አንድ የሆኑ ሞክሼ ፊደላት ያሉባቸውን ስሞች በጥንድ አስገባለሁ፤ በመካከላቸው እንደ «ለማ» ያለ ሌላ ስም፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ በላቲን የተጻፈ የኦሮምኛ ስም እጨምራለሁ። አዳማ ላይ መዝገብ ሁሉ ሁለቱን ፊደል ይዞ ነው የሚመጣ፤ ያለ እርሱ የተደረገ ፍተሻ ግማሽ ነው። በቁጥር ብቻ ሲደረደር እንዲህ ይወጣል፦

```
Caaltuu
ሀና
ሃይሉ
ለማ
ሐና
ሰላም
ኃይሉ
አለም
ዓለም
ፀሐይ
```

ሁለቱ ሐናዎች ተለያይተዋል፤ ሁለቱ ኃይሉዎችም እንደዚያው። አሁን ይህንኑ ዝርዝር በሁለት ስልኮች ላይ ቋንቋውን ሳይጠቅሱ በጃቫስክሪፕት የማወዳደሪያ ትእዛዝ በ`localeCompare` መደርደር ነው። ትእዛዙ ቋንቋ ካልተነገረው የስልኩን ቋንቋ ስለሚከተል፣ በእንግሊዝኛ በተዘጋጀው ስልክ ላይ `Caaltuu` አናት ላይ ይወጣል፤ አማርኛን መሠረት ባደረገው ላይ የግዕዙ ፊደል ስለሚቀድም ታች ይወርዳል። ሁለት ሰዎች አንድ ገጽ ከፍተው ሦስተኛው መስመር ላይ የተለያየ ስም የሚያነቡት በዚህ ምክንያት ነው። `new Intl.Collator("am")` ብሎ ቋንቋውን መጥቀስ ይህን ልዩነት ያስወግደዋል። ሞክሼዎቹን ግን አያቀራርባቸውም፤ የአማርኛው ደንብም «ሀ»ንና «ኀ»ን እንደ ተለያዩ ፊደላት ነው የሚይዛቸው።

መፍትሔው ከስሙ ጎን የማይታይ ስውር ቅጂ ማስቀመጥ ነው። በቅጂው ውስጥ «ሐ»ና «ኀ» ወደ «ሀ»፣ «ሠ» ወደ «ሰ»፣ «ዐ» ወደ «አ»፣ «ፀ» ወደ «ጸ» ይመለሳሉ፤ ድርደራውና ፍለጋው በቅጂው ላይ ይካሄዳል።

```javascript
const pairs = [[0x1210,0x1200],[0x1280,0x1200],
  [0x1220,0x1230],[0x12D0,0x12A0],[0x1340,0x1338]];
const key = s => [...s].map(c => {
  let n = c.codePointAt(0);
  for (const [a, b] of pairs)
    if (n >= a && n < a + 7) n += b - a;
  if (n === 0x1203) n = 0x1200;
  if (n === 0x12A3) n = 0x12A0;
  return String.fromCodePoint(n);
}).join("");
```

ከታች ያሉት ሁለቱ የ`if` መስመሮች የሚረሱት ናቸው። በአማርኛ «ሀ» እና «ሃ»፣ «አ» እና «ኣ» ግዕዙም ራብዑም አንድ ድምፅ ስላላቸው፣ ቤተሰቡን ብቻ ያስተካከለ ሰው «ኃይሉ»ን ወደ «ሃይሉ» ይመልስና «ሀይሉ» ብሎ የጻፈውን አሁንም ያጣዋል። በፈተና ዝርዝሩ ላይ ቅጂው ከተሠራ በኋላ ሀና፣ ሐና፣ ሃይሉ፣ ኃይሉ ተከታትለው ይመጣሉ፤ ለማ ከእነርሱ ቀጥሎ ይቆማል።

ይህ ቅጂ የተጻፈውን ስም በፍጹም መተካት የለበትም። ሰው ስሙን የጻፈበት ሆሄ የራሱ ነው። በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ግን ሌብነት ነው። ትግርኛ ደግሞ «ሀ»ንና «ሐ»ን፣ «አ»ንና «ዐ»ን በድምፅ ስለሚለይ ይህ ኮድ ለትግርኛ መዝገብ አይሆንም።

የፊደሉ መታየት ከዚህ ሁሉ ቀላሉ ነው፤ ነገር ግን አንድ ልዩነት ማወቅ ይጠቅማል። በስሙ ቦታ ባዶ ሣጥን ከታየ ስልኩ ሆሄውን የያዘ የፊደል ቅርጽ የለውም፤ ስሙ ግን ደኅና ነው፣ ተራውንም ይዟል። ገልብጦ ሌላ ስልክ ላይ መለጠፍ ያረጋግጠዋል። በ«ሀ» ቦታ `áˆ€` ከታየ ስሙ በትክክል ተቀምጦ በተሳሳተ መለያ እየተነበበ ነውና ይስተካከላል። `????` ከሆነ ግን በአብዛኛው የጠፋው ሲቀመጥ ነው፤ ከመዝገቡ አይመለስም፣ ከደብተሩ እንደገና መተየብ ይኖርበታል።

የዕድሩን መዝገብ በስውር ቅጂው እንደገና ስደረድረው ሁለቱ ኃይሉዎች ጎን ለጎን ወጡና ጸሐፊው በስልክ ቁጥራቸው አንድ ሰው መሆኑን አረጋግጦ አንዱን ሰረዘ። «ኃ/ማርያም» እና «ኃይለማርያም» ግን አሁንም ተራርቀው ቀሩ። በ«/» ምልክት ያጠረን ስም ኮዱ ሊዘረጋው ስለማይችል፣ የመመዝገቢያ ቅጹ ላይ «ስምዎን ሳያሳጥሩ ይጻፉ» የሚል መስመር ጨመርን።