የዩኤስቢ-ሲ ዶክ ምንድን ነው? ሁለት ሞኒተር መሸከም የሚያቅተውስ መቼ ነው?

የዩኤስቢ-ሲ ዶክ ማለት በቀጭን ላፕቶፕ ጎን ባለች አንዲት ቀዳዳ ላይ በአንድ ገመድ ተሰክቶ ቻርጅ፣ ምስል፣ ኪቦርድ፣ ማውስና ፍላሽ የሚያገናኝ ሳጥን ነው። ብዙ ሰው ዶኩ ከኋላው ሁለት የሞኒተር ቀዳዳ ካለው ሁለት ሞኒተር በሙሉ ጥራት ያሠራል ብሎ ይገዛዋል። ወሳኙ ግን የቀዳዳው ብዛት ሳይሆን ከላፕቶፑ ወደ ዶኩ በሚሄደው በዚያ አንድ ገመድ ውስጥ በሰከንድ የሚያልፈው የመረጃ መጠን፣ ማለትም ባንድዊድዝ ነው።

ለገሃር አካባቢ በአንድ የሒሳብ ሥራ ቢሮ የምትሠራ ወዳጄ በቅርቡ ጠርታኝ ነበር። አንደኛው ሞኒተሯ 2560 በ1440 ፒክሰል፣ ሁለተኛው ደግሞ 1920 በ1080 ፒክሰል ነበሩ። ትልቁ በሚገባ ይሠራል፤ ትንሹ ግን ከ1600 በ900 በላይ ምርጫ አልሰጥ ስላለ የኤክሴል ቁጥሮቿ ደብዘዝ ብለው ይታዩ ነበር። «ዶኩ ተበላሽቶብኛል መሰለኝ፣ እባክህ እየው» አለችኝ። ትንሹን ሞኒተር ብቻውን ዶኩ ላይ ስንሰካው ግን ሙሉ ጥራቱ ተመለሰ። ይህ ብቻውን ብዙ ይናገራል፤ ሞኒተሩም፣ ገመዱም፣ ቀዳዳውም ደህና ናቸው፣ ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ነው ማለት ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የገመዱን ውስጥ ማየት ያስፈልጋል። በዩኤስቢ-ሲ ማገናኛ ውስጥ ለፈጣን መረጃ የተመደቡ አራት መስመሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ጥንድ ሽቦ ናቸው። ቻርጅ የሚያልፈው በሌሎች ሽቦዎች ስለሆነ ከእነዚህ ላይ ምንም አይቀንስም። ብዙ ዶኮች ሁለቱን መስመር ዲስፕሌይፖርት ለሚባለው የምስል መረጃ ይሰጡና ሁለቱን ለፈጣን ዩኤስቢ ያስቀራሉ፤ ምስሉ የሚያገኘው ግማሹን መንገድ ብቻ ነው። የወዳጄ ዶክ በአንድ መስመር በሰከንድ 5.4 ጊጋቢት የሚያስተላልፍ ዓይነት ነበር። ሁለቱ ሲደመሩ 10.8 ይሆናሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ 8 ቢት በ10 ቢት ተጠቅልሎ ስለሚላክ ለምስሉ የሚተርፈው 8.64 ጊጋቢት ነው።

አሁን ሞኒተሮቹ የሚጠይቁትን እናስላ። በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስና ለአንድ ፒክሰል 24 ቢት የሚወስድ ምስል ቢሆን፣ ትልቁ 5.3፣ ትንሹ 3.0፣ በድምሩ 8.3 ጊጋቢት ይሆናል፤ ስለዚህ የሚበቃ ይመስላል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በእያንዳንዱ የምስል ረድፍና በእያንዳንዱ ሙሉ ምስል መካከል የማይታይ ክፍተት አለ፣ ለእርሱም ጊዜ ይመደባል። ክፍተቱ ሲጨመር ትልቁ ወደ 5.8፣ ትንሹ ወደ 3.3 ከፍ ይላል፤ ድምሩ 9.1 ሆኖ ከ8.64 ይበልጣል። ኮምፒውተሩ ለትልቁ የሚፈልገውን ሰጥቶ ለትንሹ በቀረው ልክ ይመድባል፤ 1600 በ900 ወደ 2.3 ጊጋቢት ስለሚበቃው ያ ብቻ ገባለት። ሁለቱም ሞኒተሮች 1920 በ1080 ቢሆኑ ኖሮ በድምሩ 6.6 ገደማ ስለሚሆን ያለ ችግር ያልፉ ነበር።

አንዳንድ ዶክ አራቱንም መስመር ለምስል መስጠት ይችላል። ያኔ ምስሉ 17.28 ጊጋቢት ያገኛል፤ ዩኤስቢው ግን በሰከንድ 480 ሜጋቢት ወደሚሄደው አሮጌ መንገድ ይወርዳል። ኪቦርድና ማውስ ልዩነቱን አያውቁትም፤ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ባክአፕ የሚያደርግ ሰው ግን በጣም ይጎዳል። በሊኑክስ `lsusb -t` ብሎ ከዲስኩ አጠገብ 480M መጻፉን ወይም 5000M መጻፉን ማየት ይቻላል።

ላፕቶፑም ዶኩም በአንድ መስመር 8.1 ጊጋቢት የሚችሉ ከሆነ ሁለት መስመር 12.96 ስለሚሰጥ፣ 2560 በ1440 የሆኑ ሁለት ሞኒተሮች እንኳ ይበቃቸዋል። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢችል ፍጥነቱ በደካማው ይወሰናል። በማክ ላይ ደግሞ ሌላ ገደብ አለ፤ በአንድ የዲስፕሌይፖርት መንገድ ሁለት የተለያየ ምስል የመላክ ዘዴን ስለማይቀበል፣ እንዲህ ባለው ዶክ ሁለቱ ሞኒተሮች አንድ ዓይነት ምስል ያሳያሉ። ለእርሱ የባንድዊድዝ ስሌቱ አይጠቅምም፣ የተንደርቦልት ዶክ መፈለግ ይሻላል።

የወዳጄ ላፕቶፕ ምስል የሚያወጣ ሁለተኛ የዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳ ስለነበረው ትንሹን ሞኒተር ከዶኩ ነቅለን በአንድ ትንሽ የኤችዲኤምአይ አዳፕተር በቀጥታ እዚያ ላይ ሰካነው። ዶኩ ትልቁን ብቻ ተሸከመ፤ ትንሹም ወዲያው በ1920 በ1080 በራ።