የሳምንት ትርፍ ሰዓት በአንድ ቀመር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐዋሳ ላይ በየሳምንቱ ቅዳሜ የሚከፍል አንድ የእንጨት ሥራ ቤት እንውሰድ። አናጺው በሰዓት 40 ብር ይታሰብለታል፤ በዚህ ሳምንት 54 ሰዓት ተኩል ሠርቷል። ኤክሴል ውስጥ ሰዓቱ C2 ላይ፣ የሰዓት ክፍያው D2 ላይ ተጽፏል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል። ሒሳቡ እንዲህ ይጻፋል፦

```
=MIN(C2,48)*D2+MAX(C2-48,0)*D2*1.5
```

የመጀመሪያው ክፍል 48 × 40 ሲሆን 1,920 ብር ይሰጣል፤ ሁለተኛው 6.5 × 60 ሲሆን 390 ብር። ድምሩ 2,310 ብር ነው። ቀመሩ አጭር ነው፤ ስህተቱ ግን የሚመጣው ስለሱ በየቢሮው ከሚባሉት ነገሮች ነው።

«ከ48 በላይና በታች የሆነውን ለመለየት IF የግድ ነው።»

የግድ አይደለም። 40 ሰዓት ብቻ የሠራ ሰው ቢኖር MIN ከ40 እና ከ48 ትንሹን፣ ማለትም 40ን ይወስዳል። MAX ደግሞ ከ-8 እና ከ0 ትልቁን፣ ማለትም 0ን ይወስዳል። ስለዚህ ትርፍ ያለውም የሌለውም ሠራተኛ በአንድ መስመር ይስተናገዳል። IF ስህተት ነው ማለት ሳይሆን 48ም፣ የሰዓት ክፍያውም ሁለት ሦስት ቦታ እንዲደጋገም ያደርጋል፤ ታሪፍ ሲቀየር አንዱ ተስተካክሎ ሌላው የሚረሳው ያኔ ነው።

መንገዳችንን ሳንለቅ፦ በአማርኛ ኪቦርድ እየጻፉ ኮማው «፣» ሆኖ ከገባ ኤክሴል ቀመሩን አይቀበልም። ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ መጻፍ ነው።

«48 ከፍተኛው ስለሆነ እሱን የሚገድበው MAX ነው።»

በጣም የተለመደው መገላበጥ ይህ ነው። ጣሪያ የሚያበጀው MIN ነው፤ ወለል የሚያነጥፈው MAX። ሁለቱ ቦታ ቢለዋወጡ 40 ሰዓት የሠራው ሰው MAX(40,48) ስለሚሆን የ48 ሰዓት ይከፈለዋል፤ በትርፉ በኩል ደግሞ MIN(-8,0) -8 ሆኖ 480 ብር ይቀነስበታል። 1,600 የሚገባው 1,440 ይወጣለታል። የተዛባው በሁለቱም በኩል ስለሆነ ቁጥሩ «የሚመስል» ሆኖ ያልፋል፤ አደጋው እዚያ ላይ ነው። 48 ሰዓት በትክክል የሠራ ሰው ላይ ደግሞ ምንም ስህተት አይታይም።

«ጠቅላላውን ሰዓት በመደበኛው አባዝቼ፣ ትርፉን በ1.5 እጨምርበታለሁ።»

ትርፉ ሁለት ጊዜ ተቆጠረ ማለት ነው። 54.5 × 40 ሲሆን 2,180፤ በዚያ ላይ 390 ሲጨመር 2,570 ብር። 260 ብር ያለፈው ያ 6 ሰዓት ተኩል መጀመሪያ በ1 ተከፍሎ ቀጥሎ በ1.5 ስለተከፈለ፣ በጠቅላላው 2.5 ስለደረሰ ነው። በዚህ መንገድ መሄድ የሚፈልግ ሰው መጨመር ያለበት ግማሹን ብቻ ነው፦

```
=C2*D2+MAX(C2-48,0)*D2*0.5
```

2,180 + 130 = 2,310፤ ከመጀመሪያው ቀመር ጋር ይገጥማል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ልዩነታቸው ዜሮ መሆኑን ማየት ጥሩ ማረጋገጫ ነው።

የወር ደመወዝተኛ ከሆነ ነገሩ ይለያል። መደበኛው ሰዓት በደመወዙ ውስጥ ስላለ የሚጨመረው የMAX ክፍል ብቻ ነው፣ በ1.5። የሰዓቱ ዋጋ ብዙ ጊዜ የወሩን ደመወዝ ለ208 በማካፈል ይገኛል (48 × 52 ÷ 12)። ለምሳሌ 8,320 ብር ሲካፈል 40 ብር ይሆናል።

«54:30 ብዬ ካስገባሁ ኤክሴል ራሱ ያውቀዋል።»

ኤክሴል ሰዓትን የሚይዘው እንደ ቀን ክፍልፋይ ነው፤ 24 ሰዓት ለእሱ 1 ነው። 54:30 ማለት 2.2708 ነው። ይህ ከ48 ያነሰ ስለሆነ ትርፉ 0 ይሆናል፤ ክፍያውም 90 ብር ከ83 ሳንቲም። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲወጣ ማንም ያየዋል፤ መፍትሔውም በ24 ማባዛት ነው፦

```
=MIN(C2*24,48)*D2+MAX(C2*24-48,0)*D2*1.5
```

ይበልጥ የሚያሳስተው የማይታየው ነው። የየቀኑን ሰዓት ደምረው የድምሩ ሴል ተራ የሰዓት ቅርጽ ካለው፣ 54:30 ሳይሆን 6:30 ያሳያል፤ ሙሉ ቀናቱን ጥሎ የቀረውን ብቻ ነው የሚያሳየው። 48 ደግሞ በትክክል ሁለት ቀን ነው። ስለዚህ ከ48 እስከ 72 ባለው ውስጥ ሴሉ ላይ የሚታየው ቁጥር ከትርፍ ሰዓቱ ጋር አንድ ይሆናል፤ ያየው ሰውም «ኤክሴል ትርፉን አወጣልኝ» ብሎ ይቀበለዋል። 40 ሰዓት የሠራው ሰው ጋ ግን 16:00 ይላል፣ ያልሠራው 16 ሰዓት ትርፍም ይከፈለዋል። የሴሉን ቅርጽ `[h]:mm` ማድረግ ትክክለኛውን 54:30 ያሳያል።

በተቃራኒው 54 ሰዓት ተኩልን 54.30 ብሎ የሚጽፍ አለ። ግማሽ ሰዓት 0.5 እንጂ 0.30 አይደለም። አናጺያችን በዚህ ብቻ 12 ደቂቃ፣ ማለትም 12 ብር ያጣል።

ሌላው የእኛው ሰዓት አቆጣጠር ነው። መዝገቡ ላይ «መግቢያ 2:00፣ መውጫ 11:00» ከተጻፈ መቀነሱ ችግር የለውም። የሚያመሸው ሠራተኛ ግን ከጠዋቱ 2 ገብቶ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲወጣ 1:00 ሲቀነስ 2:00 ይሆናል፤ ሴሉ በ##### ይሞላል። መግቢያው B2፣ መውጫው C2 ባለበት የዕለት መዝገብ ላይ ይህ ይፈታዋል፦

```
=MOD(C2-B2,0.5)*24
```

11 ይሰጣል፤ የምሳ ሰዓት ካለ ከዚያ ይቀነሳል። ገደቡ ግልጽ ነው፦ በመግቢያና በመውጫ መካከል 12 ሰዓት ሙሉ ካለ 0 ይላል፤ ከዚያ ካለፈ ደግሞ 12 ሰዓት ያጎድላል። ረጅም ፈረቃ ያለው ቤት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ቢመዘግብ ይሻለዋል።

«የአራቱን ሳምንት ደምሬ ከ192 በላይ ያለውን ባወጣ ያው ነው።»

ያው አይደለም። ሳምንቶቹ 56፣ 40፣ 50 እና 44 ሰዓት ቢሆኑ ድምሩ 190 ነው፤ በወር ስሌት ትርፍ የለም። በሳምንት ሲታይ ግን 8 እና 2፣ በድምሩ 10 ሰዓት ትርፍ አለ፤ በ40 ብር ሠራተኛ 600 ብር። ሥራ የቀዘቀዘበት ሳምንት የሞቀውን ሳምንት ትርፍ በልቶታል።

ይህን ሲረዱ ብዙዎች `MAX(C2:C5-48,0)` ብለው ይጽፋሉ። እሱ ግን ከሁሉም ትልቁን አንድ ቁጥር ነው የሚመልሰው፤ እዚህ 8ን ብቻ። MAX እያንዳንዱን ረድፍ ለየብቻ አያይም። አንድም በየሳምንቱ ረድፍ ላይ ቀመሩን ጽፎ መደመር ነው፤ አለዚያም፦

```
=SUMPRODUCT((C2:C5>48)*(C2:C5-48))
```

«48 ካልሞላ ትርፍ ሰዓት የሚባል የለም።»

ይህ የቀመር ሳይሆን የሕግ ስህተት ነው፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ይበልጣል። አዋጁ ትርፍ ሰዓት የሚለው ከመደበኛው የቀን የሥራ ሰዓት በላይ የተሠራውን ነው። አናጺው ሰኞ 11 ሰዓት ሠርቶ፣ ሐሙስ ቀርቶ፣ በሌሎቹ አራት ቀናት 8 ሰዓት ቢሠራ ድምሩ 43 ነው። የሳምንቱ ቀመር 0 ይላል፤ የሰኞው 3 ሰዓት ግን ትርፍ ነው። የሳምንቱ ቀመር ከቀኑ ስሌት ጋር አንድ የሚሆነው ሠራተኛው ስድስቱንም ቀን መደበኛ ሰዓቱን ሲሞላ ነው። የቀሩበት ቀን ካለ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለውን ሰዓት በየቀኑ መቁጠር ይሻላል። ዓምዶቹ ከB እስከ G ቢሆኑ፦

```
=SUMPRODUCT((B2:G2>8)*(B2:G2-8))
```

ቅዳሜን አሳጥሮ ሰዓቱን ወደ ሌሎቹ ቀናት ያከፋፈለ ቤት በ8 ፈንታ የራሱን የቀን ሰዓት ያስገባል። ማከፋፈሉ ግን ቀኑን ከ8 ሰዓት ላይ ከ2 ሰዓት በላይ ማስረዘም አይችልም።

እሁድ ከዚህ ድምር ውጭ ይሁን። በሳምንት ዕረፍት ቀን የተሠራ ሰዓት በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን የተሠራ በ2.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ደግሞ በ1.75 ነው የሚባዛው። የእሁዱ 6 ሰዓት ከሳምንቱ ጋር ተደምሮ C2 ውስጥ ከገባ ቀመሩ በ1.5 ያባዛዋል፤ 480 ብር የሚገባው 360 ያገኛል። ለእነዚህ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው ዓምድ ያስፈልጋል።

«ሕጉ በሳምንት 12 ሰዓት ስለሚል ትርፉን 12 ላይ አቁሜዋለሁ።»

አዋጁ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ያዛል። ገደቡ የተጣለው በማሠራት ላይ ነው፤ የተሠራን ሰዓት ሳይከፍሉ ለማለፍ ፈቃድ አይሰጥም። `MIN(MAX(C2-48,0),12)` ብሎ የጻፈ ሰው 62 ሰዓት ከሠራው ሠራተኛ ላይ 2 ሰዓት፣ ማለትም 120 ብር ያጠፋል። ከዚያም በላይ ዝርዝሩ ላይ 12 ብቻ ስለሚታይ ሠራተኛው ከልክ በላይ መሥራቱን ኃላፊው አያውቅም። ክፍያው ሙሉ ይሁን፤ ጎኑ ባለው ዓምድ ላይ ማስጠንቀቂያ ይቀመጥ፦

```
=IF(MAX(C2-48,0)>12,"ይጣራ","")
```

የትኛውም ቀመር ለሁሉም ሠራተኛ ከመገልበጡ በፊት በአምስት ረድፍ ይሞከር። በ40 ብር ክፍያ 0 ሰዓት 0፣ 40 ሰዓት 1,600፣ 48 ሰዓት 1,920፣ 48.5 ሰዓት 1,950፣ 62 ሰዓት 2,760 ብር መስጠት አለበት። የMIN እና የMAX መገላበጥ 40 ላይ፣ የትርፉ ሁለት ጊዜ መቆጠር 48.5 ላይ፣ የ12 ጣሪያው 62 ላይ ይያዛል።