ፕሮጀክት አርካይቭ ማድረግ ምንድን ነው?

የሠርግ ቪዲዮ ተሠርቶ ለሙሽሮቹ ከተሰጠ በኋላ ኤዲተሩ ኮምፒውተር ላይ ሦስት ዓይነት ነገር ይቀራል። አንደኛው ከካሜራው የወጣው ጥሬ ቪዲዮና ድምፅ ነው። ሁለተኛው ኤዲቱ የተሠራበት ፕሮጀክት ፋይል ሲሆን ሦስተኛው ለደንበኛው የወጣው ኤክስፖርት ነው። አርካይቭ ማድረግ ማለት እነዚህን ሦስቱን፣ ከዓመታት በኋላ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ያለ ምንም ፍለጋ እንዲከፈቱ አድርጎ፣ በአንድ ፎልደር ሰብስቦ ማስቀመጥ ነው። ዲስክ ላይ መገልበጥ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ዋናው ሥራ ፎልደሩ ብቻውን መቆም መቻሉን ማረጋገጥ ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ ከምንሠራው መካከል ብዙዎቻችን ሦስተኛውን ብቻ ነው የምናስቀምጠው። ዲስክ ሲሞላ መጀመሪያ የሚጠፋው ጥሬው ነው፤ ትልቅ ስለሆነና ሥራው አልቋል ብለን ስለምናስብ። ምን እንደሚያሳጣ አንድ ሥራ ይዤ ላስረዳ።

ጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ማግስት እሑድ፣ አንድ ሠርግ ቀረጽን። ሁለት የሶኒ ካሜራና አንድ የድምፅ መቅረጫ ነበረን። ሁለቱም ካሜራዎች የሚቀርጹት በሰከንድ 100 ሜጋቢት ነው፤ ይህ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሆናል። ከሙሽራዋ ቤት ጀምሮ ጣና ዳር እስከተነሱት ድረስ ባንድ ላይ ስድስት ሰዓት ያህል ቪዲዮ ስለወጣ ጥሬው ብቻ 270 ጊጋባይት ደረሰ። ለቤተሰቡ የሰጠነው ኤክስፖርት ግን አሥራ አራት ጊጋባይት እንኳ አይሞላም። ዲስክ ለመቆጠብ ለሚፈልግ ሰው ምርጫው ቀላል ይመስላል።

ከሁለት ዓመት በኋላ የሙሽራዋ ታናሽ ወንድም ስቱዲዮ መጣ። አባታቸው አርፈዋል፣ አርባቸውም ደርሷል።

«ጋሼ፣ አባዬ እህቴን ሲመርቃት የነበረው ሙሉው ይገኛል? ቪዲዮው ላይ ያለው ትንሽ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነበር። ኤዲቱ ላይ ምርቃቱ 40 ሰከንድ ነው። ትሪፖድ ላይ የቆመችው ሁለተኛዋ ካሜራ ግን ሳታቋርጥ 11 ደቂቃ ቀርጻው ነበር። ያ ቪዲዮ ያለው ጥሬው ውስጥ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ፕሮጀክት ፋይል አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ኤዲት የምንሠራበት ፕሮግራም ፕሪሚየር የሚያስቀምጠው `.prproj` ፋይል ውስጥ ቪዲዮ የለም። የትኛው ቪዲዮ ከየት እስከ የት እንደተቆረጠ፣ ቀለሙ እንዴት እንደተስተካከለ፣ ድምፁ ምን ያህል ከፍ እንዳለ የሚናገር ጽሑፍ ነው። ቪዲዮውን የሚያውቀው በአድራሻው ብቻ ነው፤ በየትኛው ዲስክ፣ በየትኛው ፎልደር፣ በምን ስም እንዳለ። አድራሻው ከተቀየረ ቪዲዮው እዚያው ዲስክ ላይ ቢኖርም ፕሮጀክቱ አያገኘውምና `Media Offline` የሚል ቀይ ምስል ያወጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ መደረግ ያለበት አድራሻውን ማስተካከል ነው። የእኔ ፎልደር ይህን ይመስላል፦

```
2024-01-21_serg_bahirdar
  01_camera
    A1  A2  B1  B2
  02_sound
  03_project
  04_music_font_logo
  05_export
  README.txt
```

ቀኑን በፈረንጅ መጻፌ አንዳንዱን ቅር ያሰኘዋል፤ እኔም መጀመሪያ በእኛ ነበር የምጽፈው። ነገር ግን `2016-05-12` ብዬ የሰየምኩትን ፎልደር አብሮኝ የሚሠራው ልጅ የፈረንጅ 2016 መስሎት ከስምንት ዓመት በፊት የተሠራ ነው ብሎ አለፈው። ካሜራው ፋይሉ ላይ የሚያትመውም የፈረንጁን ስለሆነ ሁለቱ እንዲገጥሙ እርሱን መረጥኩ። የእኛው ቀን README ላይ ይጻፋል። የፎልደሩን ስም በላቲን የምጽፈውም አንዳንድ ፕሮግራም በግዕዝ ፊደል የተሰየመ አድራሻ ሲያጋጥመው ስለሚቸገር ነው።

`01_camera` ውስጥ ያሉት A1 እና B2 የካርዶቹ ስሞች ናቸው፤ የመጀመሪያው ካሜራ አንደኛ ካርድ፣ የሁለተኛው ካሜራ ሁለተኛ ካርድ እያለ ይቀጥላል። ካርዱ ላይ ያለው ሁሉ፣ `PRIVATE` እና `M4ROOT` የሚሉት ፎልደሮች ሳይቀሩ፣ እንዳለ ይገለበጣል። የቪዲዮ ፋይሎቹን ብቻ መርጦ አንድ ላይ ማፍሰስ ችግር አለው፤ ይህ ዓይነቱ ካሜራ ካርዱ ፎርማት ሲደረግ ብዙ ጊዜ ቁጥሩን ከ`C0001.MP4` ይጀምራል። አራት ካርድ ካለ አራት `C0001.MP4` አለ ማለት ነው። አንድ ቦታ ሲገለበጡ አንዱ ሌላውን ሊተካ ይችላል፤ ባይተካም መለየት ይቸግራል። ፋይሉን ሳይሆን ፎልደሩን መሰየም የሚሻለው ለዚህ ነው።

የስም መመሳሰሉ በዚያ ሠርግ ላይ አስቸግሮኛል። ፎልደሮቹን ካስተካከልኩ በኋላ ፕሮጀክቱን ስከፍተው `Link Media` የሚለው መስኮት መጣና አንድ ፋይል አሳየሁት። ሌሎቹን በስማቸው ራሱ ፈልጎ አገናኘ። ቀይ ምስል የለም፤ ሁሉ የተስተካከለ መሰለ። ታይምላይኑን ሳጫውተው ግን የአባትየው የምርቃት ድምፅ እየተሰማ ሥዕሉ ላይ ሐይቁ ዳር ታንኳ ይታያል። ከB1 መምጣት የነበረበትን `C0007.MP4` ከA1 ወስዶታል። መፍትሔው በራሱ እንዲያገናኝ የሚያዘውን ምልክት አጥፍቶ የየካርዱን ለየብቻ ማሳየት ነው። ቀይ ምስል አለመኖሩ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ከየካርዱ ቢያንስ አንድ አንድ ቦታ ላይ ድምፅና ከንፈር መግጠሙን ማየት ያስፈልጋል።

ፕሪሚየር ራሱ ይህን ሥራ የሚሠራ `Project Manager` የሚባል መሣሪያ አለው። ፕሮጀክቱ የሚጠቀምባቸውን ፋይሎች ሰብስቦ ወደ አዲስ ቦታ ይገለብጣል። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ሁለት ነገር ግን ልብ ይባል። `Exclude Unused Clips` የሚለው ከተመረጠ ኤዲቱ ላይ ያልገባውን ቪዲዮ ይተወዋል፤ ኋላ ሰው መጥቶ የሚጠይቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያልገባውን ነው። ሁለተኛ፣ ፎንት አይሰበስብም።

የፎንቱ ነገር ለእኛ ከሌላው የከፋ ነው። ከሐይቁ ዳር የታንኳ ሠሪዎች ጋር የሠራሁትን አጭር ፊልም ከዓመታት በኋላ በአዲስ ኮምፒውተር ስከፍተው ደንገል እንዴት እንደሚታሰር የሚያስረዳው ጽሑፍ ሁሉ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ጠበቀኝ። ጽሑፉ የተጻፈው ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት ነበር። እንዲህ ያለው ፎንት የላቲኑን ፊደል ቦታ ተውሶ የግዕዙን ቅርጽ ይሥላል፤ ፎንቱ ከሌለ የሚታየው ከሥሩ ያለው ላቲን ነው። የዩኒኮድ ፎንት ሲጠፋ ቢያንስ ቃሉ ይነበባል፤ መልኩና ስፋቱ ብቻ ይለወጣል። ስለዚህ የፎንቱ ፋይል ራሱ `04_music_font_logo` ውስጥ ይግባ። ጽሑፎቹም በዩኒኮድ ተገልብጠው README ላይ ይቀመጡ፤ ፎንቱ ጨርሶ ቢጠፋ እንኳ እንደገና መጻፍ ይቻላል።

እዚያው ፎልደር ውስጥ መግባት የሚገባቸው ሌሎች ስደተኞችም አሉ። ደንበኛው በቴሌግራም የላከው የልጅነት ፎቶ ያለው `Downloads` ሥር `Telegram Desktop` ውስጥ ነው፤ የዜማው ፋይል ዴስክቶፕ ላይ፣ አርማው ፍላሽ ላይ። ፕሮጀክቱ ከነዚህ ቦታዎች እየጠራቸው ስለሚሠራ ማንም አይናፍቃቸውም፣ ኮምፒውተሩ ፎርማት እስኪደረግ። እኔ አሁን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምንም ነገር ወደ ፕሪሚየር ከማስገባቴ በፊት ወደ ፎልደሩ እገለብጠዋለሁ፤ በመጨረሻ ከመሰብሰብ ይህ በጣም ይቀላል።

የማይቀመጠውም ይታወቅ። `Media Cache`፣ የፕሪቪው ፋይሎችና ለፍጥነት የተሠሩ ፕሮክሲዎች ከጥሬው እንደገና ይሠራሉና ይሰረዙ። ፕሪሚየር በየጊዜው ራሱ ካስቀመጣቸው የፕሮጀክት ቅጂዎች የመጨረሻው አንዱ ብቻ ይበቃል።

ፎልደሩ ሲያልቅ ሙከራው ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል፤ ፕሮጀክቱን በሠራበት ኮምፒውተር ላይ ከአርካይቩ ዲስክ ይከፍተዋል፣ ይከፈትለታል፣ ይደሰታል። ፕሮጀክቱ ግን በድሮው አድራሻ ያሉትን ፋይሎች እያነበበ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው ሙከራ ዲስኩን ነቅሎ ሥራው ባልተሠራበት ኮምፒውተር ላይ መሰካት ነው። ሌላ ኮምፒውተር ከሌለ የሥራውን ዲስክ መንቀል፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውንም ፎልደር ለጊዜው ስሙን መቀየር ይቻላል። ያኔ የጎደለው ነገር ሁሉ ራሱን ያሳያል። ጥሬውን ከሥራው ዲስክ የምሰርዘው ይህ ካለፈ በኋላ ነው።

ቅጂው ሁለት ይሁን፣ በሁለት ዲስክ፣ አንዱ ስቱዲዮ ሌላው ቤት። መደርደሪያ ላይ ለዓመታት ለሚቀመጥ እኔ የምመርጠው ተራውን ሃርድ ዲስክ ነው፤ ኤስኤስዲ ያለ ኤሌክትሪክ ረጅም ጊዜ ሲቆይ የያዘውን ሊያጣ ይችላል። መብራት በመገልበጥ መካከል ከሄደ ደግሞ የመጨረሻው ፋይል መጠኑ ልክ መስሎ ውስጡ ያልተሟላ ሊሆን ስለሚችል መጠን ማየት ብቻ አይበቃም። ዊንዶውስ ላይ ይህን ትእዛዝ በዋናውና በቅጂው ላይ ማስኬድና የሚወጣው ረጅም ቁጥር አንድ መሆኑን ማየት ነው፦

```
certutil -hashfile C0007.MP4 SHA256
```

README ላይ የምጽፈው ከአንድ ገጽ አይበልጥም፦ የሠርጉ ቀን፣ የፕሪሚየሩ ቨርዥን፣ የየካርዱ ይዘት በአንድ በአንድ መስመር፣ የፎንቶቹ ስም። ቨርዥኑ የሚያስፈልገው አዲስ ፕሪሚየር የድሮውን ፕሮጀክት ሲከፍት የድሮው ግን አዲሱን ስለማይከፍት ነው።

ወንድሙ በመጣ ቀን መጀመሪያ የከፈትኩት README ነው። «B1፦ ቤት ውስጥ፣ የአባት ምርቃት ሙሉው» ይላል። ፕሮጀክቱ በአዲሱ ኮምፒውተር ተከፈተ፤ ከድምፅ መቅረጫው የወጣውን ንጹሕ ድምፅ አስቀድሜ አገጣጥሜው ስለነበር አዲስ ሲኩዌንስ ላይ 11ዱን ደቂቃ ዘርግቼ፣ የሠርጉን ቀለም ገልብጬለት፣ ኤክስፖርት አደረግሁት። እስኪጨርስ ልጁ ከኋላዬ ቆሞ ያይ ነበር። በፍላሽ ከሰጠሁት በኋላ ያንኑ ፋይል `05_export` ውስጥ `02_mirkat_full.mp4` ብዬ አስገባሁት፣ README ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፣ የቤቱንም ዲስክ ማታ አምጥቼ እንዲሁ አደረግሁ።