ያለ ዳታ ከድሬዳዋ ሐረር፦ ኦፍላይን የካርታ መተግበሪያዎች

ኦፍላይን የካርታ መተግበሪያ የሚባለው የመንገዱን፣ የከተማውንና የቦታውን መረጃ አስቀድሞ በስልኩ ማከማቻ ውስጥ የሚያስቀምጥና በጉዞ ላይ ኢንተርኔት ሳይፈልግ ካርታ የሚያሳይ፣ ቦታ የሚፈልግና አቅጣጫ የሚሰጥ መተግበሪያ ነው። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው በከተሞች ውስጥ ሳይሆን በከተሞች መካከል ነው። ከድሬዳዋ ተነሥቶ ሐረር ለመድረስ የሚያስፈልገው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ ከቆላው ወደ ደጋው የሚወጣበት የደንገጎ ዳገት ገደልና ጠመዝማዛ የበዛበት በመሆኑ የኔትወርክ ምልክት በአንዱ መታጠፊያ ሙሉ ሆኖ በሚቀጥለው ሊጠፋ ይችላል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ደግሞ ለቁልቢ ገብርኤል የሚመጣው ሕዝብ አንድ ቦታ ላይ ሲሰበሰብ ምልክቱ እያለም ዳታው አላንቀሳቅስ ሊል ይችላል።

ብዙ ሰው ዳታ ሲቋረጥ ስልኩ ያለበትን ቦታ ማወቅ ያቆማል ብሎ ያምናል፤ ይህ ግን ትክክል አይደለም። ካርታና የቦታ መለያ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስልኩ ያለበትን ቦታ የሚያሰላው ጂፒኤስን ከመሳሰሉ ሳተላይቶች በሚቀበለው ምልክት ሲሆን፣ ስልኩ ምልክቱን ይቀበላል እንጂ ወደ ሳተላይቱ የሚልከው ነገር የለም፤ ስለዚህ ሲም ካርድ ባይኖረውም ይሠራል። ዳታ ሲጠፋ የሚጠፋው ካርታው ነው። ሰማያዊዋ ነጥብ በባዶ ግራጫ ስክሪን ላይ ቆማ ከታየች፣ ስልኩ ቦታውን አውቋል፣ ከሥሩ የሚዘረጋው ካርታ ግን አልወረደም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ኔትወርክ ለሳተላይቱ ሥራም አንድ ውለታ ይውላል። ስልኩ ቦታውን ለማስላት ቢያንስ የ4 ሳተላይቶች ምልክትና የእያንዳንዳቸው የምሕዋር መረጃ ያስፈልገዋል። ዳታ ካለ ይህን መረጃ በሰከንዶች ውስጥ ከኢንተርኔት ያመጣዋል፤ ዳታ ከሌለ ግን በየ30 ሰከንዱ እየተደጋገመ ከሚተላለፈው ከራሱ ከሳተላይቱ ምልክት ላይ ማንበብ አለበት። በዚህ ምክንያት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ የቆየ ስልክ ያለ ዳታ ሲከፈት የመጀመሪያዋን ነጥብ ለማሳየት ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል፤ በአባዱላው መካከለኛ ወንበር ላይ፣ በብረት ጣሪያ ሥርና በሰው ተከበው ከተቀመጡ ደግሞ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መኪናው ገና መናኸሪያ ቆሞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ መተግበሪያውን ሰማይ በሚታይበት ቦታ ከፍቶ ነጥቧ እስክትረጋ መጠበቅ፣ ከዚያም በመስኮት በኩል መቀመጥ ይበቃል። በአንዳንድ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ባትሪ ለመቆጠብ ተብሎ የሚመረጠው የቦታ ማወቂያ ስልት በዋይፋይና በኔትወርክ ማማዎች ላይ ብቻ ስለሚመካ፣ ይህ ተመርጦ ከሆነ ምንም ያህል ቢጠበቅ ነጥቧ አትመጣም።

ከመተግበሪያዎቹ ውስጥ በሰፊው የሚታወቁት ጉግል ማፕስ፣ ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስምአንድ ናቸው። የኋለኞቹ ሁለቱ ካርታቸውን የሚወስዱት በ2004 እ.ኤ.አ. ከተጀመረውና በጎ ፈቃደኞች ከሚሞሉት ኦፕንስትሪትማፕ ነው። ጉግል ማፕስ ላይ ተጠቃሚው በስክሪኑ ላይ በሚታየው አራት ማዕዘን የሚፈልገውን አካባቢ ከልሎ ያወርዳል፤ ያወረደው ካርታ ለረጅም ጊዜ ሳይታደስ ከቆየ ጊዜው ያልፍበታል። ዋናው ጉድለቱ ግን ሌላ ነው፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሰጠው የመኪና መንገድ ብቻ በመሆኑ በእግር የሚሄድ ሰው አቅጣጫ አያገኝም። ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስምአንድ በአንጻሩ የእግር መንገድንም ያለ ኢንተርኔት ያሰላሉ። ሐረር ደርሶ ጀጎል ውስጥ ለሚገባ መንገደኛ ይህ ልዩነት ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጥ ስለሆነ፣ ለዚህ ጉዞ አንድ መተግበሪያ ብቻ ይመረጥ ቢባል ከሁለቱ አንዱ ቢሆን ይሻላል።

ካርታው የሚወርደው ዋይፋይ ባለበት ወይም በሌሊት ጥቅል ቢሆን ይመረጣል። ማውረድ ብቻውን ግን አይበቃም፤ መሞከርም ያስፈልጋል። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጎ መተግበሪያውን መክፈት፣ ደንገጎን አቅርቦ ማየት፣ ከዚያም ከድሬዳዋ ሐረር መንገድ እንዲያወጣ ማዘዝ ነው። የአስፋልቱ መስመር ብቻ ታይቶ መታጠፊያዎቹና ትንንሽ መንገዶቹ ካልታዩ፣ የወረደው ዝርዝሩ ሳይሆን ዓለም አቀፉ ጥቅል ካርታ ብቻ ነው። ማውረዱ መሃል ላይ መቋረጡንም የሚያጋልጠው ይኸው ሙከራ ነው። ሙከራውን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ማድረግ ዳገቱ ላይ ከማድረግ እንደሚሻል ግልጽ ነው።

ጉዞው ሲጀመር ካርታው ከሚሰጠው መረጃ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የመድረሻ ሰዓቱ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ቀጥታ ርቀት 42 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በመንገዱ ላይ የሚጨመረው ርቀት ከዳገቱ ጥምዝምዝና ከደንገጎ ወዲያ መንገዱ ከሚያደርገው ዙሪያ የሚመጣ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ በ1,200 ሜትር አካባቢ፣ ሐረማያ ደግሞ በ2,000 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛሉ፤ ይህ ሁሉ ከፍታ የሚወጣው በአብዛኛው በመጀመሪያው የጉዞ ክፍል ነው። ኦፍላይን መተግበሪያ ሰዓቱን በዋናነት የሚያሰላው የመንገዱን ርዝመት ለመንገዱ ደረጃ በተሰጠው ፍጥነት አካፍሎ ነው፤ ከፊት በከባድ ማርሽ የሚያቃስት የጭነት መኪና መኖሩን ወይም አወዳይ ላይ የጫት ገበያው መንገዱን ማጨናነቁን የሚነግረው የለም። ስለዚህ ዳገቱ ላይ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲገፋ፣ ደጋው ላይ ከተወጣ በኋላ ደግሞ ሲስተካከል ማየት የተለመደ ነው።

ጥምዝምዙ ሌላም ችግር ያመጣል። በደንገጎ ዳገት መንገዱ በራሱ ላይ እየታጠፈ ስለሚወጣ ሁለት የመንገድ ክፍሎች አንዱ ከሌላው በላይ ተቀራርበው ይሄዳሉ። ተራራው የሰማዩን ግማሽ ሲሸፍን የሳተላይት ምልክቱ ይዳከማል፤ ነጥቧም ወደ ላይኛው ወይም ወደ ታችኛው መንገድ ልትዘል ትችላለች። መተግበሪያው ያን ጊዜ መኪናው ወደ ኋላ እየሄደ ነው ብሎ በማመን «ተመለስ» የሚል ትእዛዝ ሊሰጥ ይችላል። እንዲህ ያለውን ስሕተት መለየት የሚቻለው በነጥቧ ዙሪያ ያለውን ፈዘዝ ያለ ክብ በማየት ነው፤ ክቡ ሰፍቶ ሁለቱንም መንገዶች ከሸፈነ ስልኩ ራሱ እርግጠኛ አይደለም። ጥቂት መታጠፊያዎች ካለፉ በኋላ በራሱ ይስተካከላል። በዚህ መንገድ ላይ በእርግጥ መጠንቀቅ የሚገባው መገንጠያ አንድ ብቻ ነው፤ ከዳገቱ በላይ የአዲስ አበባው መንገድ ሲገናኝ ወደ ቀኝ የሚወስደው ወደ ቁልቢ፣ ወደ ግራ የሚወስደው በአደሌ፣ በሐረማያና በአወዳይ በኩል ወደ ሐረር ነው።

ቦታ በስም መፈለግ የኦፍላይን ካርታ ደካማ ጎን ነው። ኢንተርኔት ሲኖር የፊደል ግድፈትን የሚያርምና ተመሳሳይ ስሞችን የሚያቀራርብ ሩቅ ያለ ኮምፒዩተር አለ፤ ኦፍላይን ላይ ግን ፍለጋው የሚካሄደው በወረደው ፋይል ውስጥ በተጻፈው ስም ላይ ነው። በካርታው ላይ «ሐረር» ተብሎ የተጻፈ «ሀረር» ብሎ ለሚፈልገው ላይመጣ ይችላል። በዚህ አካባቢ አንድ ቦታ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሐረሪና በሶማልኛ ስለሚጠራ ችግሩ ይባባሳል፤ አማርኛ ተናጋሪው ሸዋ በር የሚለውን ሐረሪው አስመዲን በሪ ይለዋል፣ ካርታው ላይ የገባው ደግሞ የእንግሊዝኛው ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስሙን ጉዞ ላይ ከመፈለግ ይልቅ ከመነሣት በፊት ቦታውን በጣት ተጭኖ ማስቀመጥና ራስ በሚያውቀው ስም መሰየም አስተማማኝ ነው።

ሐረር የሚጠብቀው ዘመድ ቤቱን ሊያመለክት ከፈለገም ከስም ይልቅ ቁጥር ይሻላል። ዳታ ባይኖርም አጭር መልእክት የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ ቤቱ ላይ ጣቱን ተጭኖ የሚያገኘውን ቁጥር በኤስኤምኤስ ሊልከው ይችላል፤ ተቀባዩም ኮፒ አድርጎ በመፈለጊያው ሣጥን ውስጥ ያስገባዋል። የሐረር ከተማ በግርድፉ እንዲህ ይጻፋል፦

```
9.31, 42.12
```

ከነጥቡ በኋላ ሁለት አሃዝ ብቻ ሲኖር ትክክለኛነቱ በ1 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚገደብ ከተማዋን እንጂ ቤቱን አያሳይም፤ አራት አሃዝ ሲሆን ወደ 11 ሜትር ይጠጋል፣ ለአንድ ግቢም ይበቃል። ሰሜኑን የሚለካው ቁጥር ይቀድማል፣ ምሥራቁን የሚለካው ይከተላል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ከላይ ያለው ቁጥር በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ካለችው የፈረንሳይ ደሴት ከኮርሲካ ላይ ያርፋል፤ መተግበሪያው አውሮፓ ውስጥ የሚገኝ ወይም መንገድ የማይገኝለት ቦታ ካሳየ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው።

ጀጎል ውስጥ ሁኔታው እንደገና ይለወጣል። በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ባለግንብ ከተማ መንገዶቿ በአብዛኛው ሰው ብቻ የሚያልፍባቸው ጠባብ መተላለፊያዎች በመሆናቸው፣ መተግበሪያው በመኪና ጉዞ ላይ እንደተተወ ከሆነ ተጠቃሚውን በጥቂቶቹ ሰፋፊ መንገዶች ዙሪያ ያዞረዋል። ምርጫው ወደ እግር ጉዞ ሲቀየር መተላለፊያዎቹ በስሌቱ ውስጥ ይገባሉ። በግራና በቀኝ ያለው ከፍተኛ የድንጋይ ግንብ የሳተላይቱን ምልክት እየመለሰ ስለሚያሳስት ግን ነጥቧ ከአንዱ መተላለፊያ ወደ ጎረቤቱ ልትሸሽ ትችላለች፤ እዚህ ላይ ካርታውን በየእርምጃው ከመከተል ይልቅ የታወቀ ቦታ፣ ለምሳሌ ከበሮቹ አንዱን፣ ይዞ ከዚያ ወዲያ ያሉትን መታጠፊያዎች መቁጠር ይቀላል። መንገድ ዳር ላለ ሰው መጠየቅም ክልክል አይደለም።

በመጨረሻም ወረቀትም ሆነ ስልክ የማያውቀው ነገር የወቅት ለውጥ ነው። የሐረማያ ሐይቅ ለዓመታት ደርቆ ከቆየ በኋላ ውኃ መልሶ ስለያዘ፣ የድሮ ካርታ የሚያሳየው የሐይቅ ዳር አሁን ካለው ላይገጥም ይችላል። ድሬዳዋን የሚያቋርጠው ደቻቱ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ደረቅ አሸዋ ቢሆንም፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ብዙ ሕይወት የቀጠፈ ጎርፍ የወረደበት እሱ ነው፤ በአካባቢው ያሉ ሌሎች ደረቅ ወንዞችም በካርታው ላይ እንደ ማንኛውም መሻገሪያ ይታያሉ፣ ላይ ተራራው ላይ ዝናብ መጣሉን ግን ስልኩ አያውቅም። ስሕተት ወይም የጎደለ ቦታ ያገኘ ሰው በኦርጋኒክ ማፕስ ላይ ዳታ ሳይኖር ማረም ይችላል፤ እርማቱ ስልኩ ውስጥ ተቀምጦ ይቆይና ኔትወርክ ሲገኝ ወደ ኦፕንስትሪትማፕ ይላካል፣ ሌሎች ተጠቃሚዎች የሚያዩት ግን ካርታቸውን በሚቀጥለው ጊዜ ሲያድሱ ነው።