ከጉርድ ፎቶ ወደ ሸራ፦ በየካ አባዶ የሚሠራ የቤተሰብ ፖርትሬት

የደበዘዘ የቤተሰብ ፎቶን በቀለም እንደገና መሣል በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች የሚሠራ ሥራ ነው። ከፋዩ ብዙ ጊዜ ውጭ አገር ያለ ልጅ ነው። ፎቶውን የያዙት ግን እዚህ ያሉት እናት ናቸው። ሥዕሉ የሚሄደው ደግሞ አያታቸውን አይተው ለማያውቁ የልጅ ልጆች ነው። ይህ ጽሑፍ በአብዛኛው የተመሠረተው የካ አባዶ በሚገኝ አንድ የምድር ቤት ወርክሾፕ ባየሁት ላይ ነው። ሌሎች ሰፈሮች እዚህ ያልገቡት ሥራው እዚያ ስለሌለ አይደለም።

ታሪኩ ከፎቶ ቤቶች ይጀምራል። በአጼ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር። ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮምም ሙያውን ቀጠሉበት። ቶርኮምን ሰው የሚያውቀው ቶኒ በሚለው ስም ነው። በሥዕሉ በኩል አገኘሁ እንግዳ ፓሪስ ተምረው ተመልሰው ፖርትሬት ሠርተዋል። ዓለ ፈለገ ሰላም ደግሞ ቺካጎ ተምረው መጡና በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ከፈቱ። ዛሬ ፊትን አስተካክሎ የሚሥል እጅ ሁሉ በሆነ መንገድ ከዚያ ግቢ ይነሳል ብል ማጋነን አይመስለኝም። የሌላ ትምህርት ቤት ተማሪ ላይስማማ ይችላል። በደርግ ዘመን ማርክስ፣ ኤንግልስና ሌኒን በአብዮት አደባባይ በግዙፍ ምስል ቆመዋል። የማንም ሰው አያት ግን አልነበሩም።

ወደ ወርክሾፑ የሚመጣው ፎቶ ብዙ ጊዜ ጉርድ ፎቶ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። በዚያ ትውልድ ብዙ ሰው ፎቶ የተነሳው መታወቂያ ሲጠየቅ ብቻ ነው። ቀበሌዎች የተቋቋሙት ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የቀበሌ መታወቂያ ላይ የተለጠፈች ባለ 3 በ4 ሴንቲ ሜትር ፎቶ ለብዙ ቤት የአባት ብቸኛ ምስል ሆና ቀርታለች። ከነማኅተሟ።

አሁን አንድ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ልንገራችሁ። የባለቤቶቹን ስም ትቼዋለሁ። እማማ ከመሃል ከተማ ወደ የካ አባዶ ሲዛወሩ ዕቃ ሲቋጠር የባላቸው መታወቂያ ከሣጥን ወጣ። ሜሪላንድ ያለችው ልጃቸው በስልክ አየችውና ለልጆቿ በሥዕል እንዲሠራላት ለመነች። ፎቶው ቡናማ ሆኗል። የግራ ጆሮውና የመንጋጋው ጥግ በሐምራዊ ማኅተም ተሸፍኗል። ከአፍንጫው ሥር አንድ ጥላ አለ። ጢም ይሁን ድብዘዛ አይለይም።

ጥቁርና ነጭ ፎቶ የሚደበዝዘው በላዩ ያለው ምስል ከደቃቅ ብር የተሠራ ስለሆነ ነው። ሲታጠብ ኬሚካሉ በደንብ ካልወጣ ብሩን ቀስ በቀስ ይበላውና ቢጫና ቡናማ ያደርገዋል። መጀመሪያ የሚጠፉት ፈካ ያሉት ቦታዎች ናቸው። ግንባር፣ የአፍንጫ አናት፣ የነጠላ እጥፋት። በፍሬም ተሰቅሎ ከመስታወቱ ጋር የተጣበቀ ፎቶ ሲመጣ ደግሞ ወርክሾፑ አይነቅለውም። ከተነቀለ ፊቱ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ከነመስታወቱ ፎቶ ይነሳል።

ሠዓሊው መጀመሪያ መታወቂያውን መስኮት አጠገብ አስተኝቶ በስልክ አነሳው። በጣም አልተጠጋም፤ ስልክ ሲቀርብ ጠርዙን ያጣምማልና ትንሽ ርቆ ዙም አደረገ። ጥቁርና ነጭ አድርጎ አላነሳውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ባለቀለሙ ምስል ውስጥ ቻናል የሚባሉ ሦስት ንብርብሮች አሉ፤ አንዱ የቀይ፣ አንዱ የአረንጓዴ፣ አንዱ የሰማያዊ ብርሃን ነው። ቢጫ የሆነ ድብዘዛ ሰማያዊ ብርሃንን ስለሚውጥ በሰማያዊው ቻናል ብቻ ሲታይ ጠቆር ብሎ ይወጣል። ሐምራዊው ማኅተም ደግሞ ሰማያዊን ስለሚመልስ እዚያው ላይ ይሳሳል። በዚህ ዘዴ የግንባሩ መስመርና የመንጋጋው ጥግ ተመለሱ። ጆሮው ግን አልተመለሰም። ቀለሙ እዚያ ጋ በጣም ወፍሮ ነበር።

ቀጥሎ ማጉላት ነው። ፎቶው ላይ ከአገጭ እስከ አናት ያለው 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። ሸራው 50 በ70 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ጭንቅላቱን 20 ሴንቲ ሜትር አደረገው፤ ከእውነተኛ ሰው ትንሽ ያነሰ ማለት ነው። ልክ በእውነተኛው መጠን ከተሠራ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ሰውየው የገዘፈ ይመስላል። ስለዚህ ማጉያው 8 እጥፍ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ስህተት ሸራው ላይ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ምስሉን በትልቁ አሳትሞ ካሬ አሰመረበት። ሸራውም ላይ በከሰል ተመሳሳይ ካሬ አሰመረና ካሬ በካሬ አሸጋገረ። በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ እየጣሉ የሚነድፉም አሉ። ይፈጥናል። ድብዘዛውንም አብሮ ያጎላል፤ ዓይን ግን ካሬ ሲቆጥር ምን እንደጎደለ ያስተውላል። እኔ ከካሬው ወገን ነኝ።

እማማ የከሰሉን ንድፍ ሊያዩ መጡ። ወንበር ሳይዙ ቆመው አዩት።

«ይሄ እሱ አይደለም» አሉ።

«ማን ነው ታዲያ፣ እማማ?»

«ወንድሙ ነው። ታናሹ። አንተ ልጅ፣ ከየት አመጣኸው እሱን?»

ሠዓሊው አልተከራከረም። እንዲህ ያለ መልስ ለሥራው ወርቅ ነው። «አይመስልም» ብቻ ቢሉት የት እንደሚያርም አያውቅም ነበር። ወንድሙን መስሏል ካሉ ግን ዓይኑና አጥንቱ ልክ ናቸው፤ የተሳሳተው አንድ ርቀት ነው። ከአፍንጫ ሥር እስከ ከንፈር ያለውን ለካ። ፎቶው ላይ 1.75 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ሸራው ላይ 14 መሆን ነበረበት። እሱ 18 አድርጎታል። የከንፈሩን ጠርዝ የጥላው አካል ብሎ ስላነበበው አፉ ወርዷል። አፉን 4 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ አወጣው። ጥላውንም ጠየቃቸው። «ጢም ነው። ቀጭን ጢም ነበረው። ከመጀመሪያ ልጃችን በኋላ ነው የተላጨው» አሉ። በዚህ ጊዜ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ጆሮው ሌላ ጣጣ ነበር። ቀላሉ መንገድ የቀኙን ገልብጦ መለጠፍ ነው። የሰው ፊት ግን ግራና ቀኙ አንድ አይደለም። የተገለበጠ ጆሮ ያለበት ሥዕል ለማያውቀው ደህና ነው። የሚያውቀው ሰው ግን የሆነ ነገር ይቆረቁረዋል። ስለዚህ የበኩር ልጃቸው ተጠራ። እማማ ጆሮው ቁርጥ የአባቱ ነው ይላሉ። ልጁ መስኮት ዳር ተቀምጦ የግራ ጆሮውን አሣለ። በሃምሳ ዓመቱ ለአባቱ ጆሮ ሞዴል መሆኑ አሳቀው።

ቀለም ላይ ክርክር ተነሳ። እማማ «ጠይም ነበር» አሉ። የሟች እህት በስልክ «ኧረ የቀይ ዳማ ነው፤ እሷ የምታስታውሰው እርሻ ላይ ያየችውን ነው» አሉ። ፎቶው ዳኛ ሊሆን አይችልም። ጥቁርና ነጭ ፎቶ የቆዳን ቀለም በቀጥታ አይናገርም። ለቀይ ብርሃን ደንዛዛ የሆኑት የድሮ ፊልሞችማ ቀላ ያለን ሰው ጥቁር አድርገው ያወጡ ነበር። ሠዓሊው የልጁን ክንድ ከውስጥ በኩል፣ ፀሐይ ካልነካው ቦታ፣ አይቶ ጀመረ። ቢጫማው ኦከርና ቀይ ቡናማው በርንት ሲየና ለመሠረቱ፣ ለጥላው ደግሞ በርንት ሲየና ከሰማያዊው አልትራማሪን ጋር። ጥቁር ቀለም አልነካም። የእኛን ቆዳ በጥቁር ያጠቆረ ሰው አመድ የተነፋበት ፊት ነው የሚያገኘው። ጀማሪ የሚታወቀውም በዚህ ነው። በመጨረሻ የወጣው ወደ ጠይም ያደላ ነው። እማማ እዚያው ቆመው ስለነበር ይመስለኛል።

ስለ ብርሃን አንድ ነገር ላንሳ። መጻሕፍት ሠዓሊ በሰሜን መስኮት ይሥራ ይላሉ፤ ቀጥታ ፀሐይ አይገባበትምና። ያ ለአውሮፓ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምትውለው። በግንቦት ወርክሾፑ መስኮቱ ላይ አቡጀዴ ይሰቅላል።

ልብሱ ላይ ብዙም ጭቅጭቅ አልነበረም። ኮትና ጋቢ ነው። ጋቢውን ትከሻው ላይ እንዴት እንደሚጥለው እማማ ራሳቸው ለብሰው አሳዩ።

ሥዕሉን ወደ ሜሪላንድ መላክም የራሱ ሥርዓት አለው። የዘይት ቀለም ላዩ በቀናት ቢደርቅም ውስጡ እስኪጠና ወራት ይፈጃል። ለዚህ ነው ሠዓሊው ሥሩን በአክሪሊክ ሠርቶ ላዩን ብቻ በስስ ዘይት የጨረሰው። አምስት ሳምንት ግድግዳ ላይ ቆየ። ከዚያ ሸራው ከእንጨቱ ተፈታ። በዙሪያው 5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ስለተተወለት እዚያ ሄዶ እንደገና መወጠር ይችላል። የተጠቀለለው በ110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ ላይ ነው፤ አዲስ ቱቦ ነው እንግዲህ። ሥዕሉ ወደ ውጭ ሆኖ። ብዙ ሰው ለመጠበቅ ብሎ ወደ ውስጥ ይጠቀልለዋል፤ ያኔ ቀለሙ ተጨማድዶ ይሰነጠቃል። መሐሉ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ገባ። ጋዜጣ ቢሆን ቀለሙ ያትምበታል። ጥቅሉ 60 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ባለ 23 ኪሎው ሻንጣ ውስጥ ተጋድሞ ሄደ። መታወቂያው አልሄደም። እማማ ወደ ሣጥኑ መልሰውታል።

ይህ ወርክሾፕ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ልማድ አለው። ከፎቶው ያልተገኘውን ሁሉ ሸራው ጀርባ ላይ በእርሳስ ይጽፋል። ሜሪላንድ ያለው ሸራ ሲወጠር ልጆቹ ጀርባውን አንብበው በቪዲዮ ደወሉ። ትልቁ ልጅ ወዲያው ካሜራውን ወደ ጆሮው አዞረ። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦

«ፊት፦ ከቀበሌ መታወቂያ። ጢም፦ ባለቤታቸው እንደነገሩን። የግራ ጆሮ፦ የበኩር ልጃቸው። የጋቢ አጣጣል፦ ባለቤታቸው ለብሰው። የቆዳ ቀለም፦ ባለቤታቸው ጠይም፣ እህታቸው የቀይ ዳማ ይላሉ። አልተስማሙም።»