በማሽን የተጻፈ ቃለ መጠይቅ ሲታረም መጀመሪያ የሚታየው

ቃለ መጠይቅ ቀድቶ በእጁ የገለበጠ ሰው ስቃዩን ያውቀዋል። አሁን ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ዊስፐርም አማርኛን ይሞክራል፤ ይሞክራል ነው ያልኩት። የሚያወጣው ትራንስክሪፕት መታረም አለበት። ግን የ40 ደቂቃ ቅጂ ከጫፍ እስከ ጫፍ እያቆሙ፣ እየመለሱ ከሰሙት ግማሽ ቀን ይበላል፤ ያኔ ማሽኑ ምን ጠቀመ?

ስህተቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ራሱን ያጋልጣል፣ ሲያነቡት ያደናቅፋል፤ ይሄ አያስፈራም። የሚያስፈራው ጥርት ያለ አማርኛ ሆኖ የወጣው ስህተት ነው።

ደብረ ማርቆስ ዙሪያ አንድ አዛውንት ገበሬ ስለ አሲዳማ መሬትና ስለሚያክመው ኖራ ሲያወሩ ተቀዱ እንበል። ያሉት እንዲህ ነው፦

«ዘንድሮ ኖራ አልጨመርንም፤ ያልጨመርንበት ቃዳ ሁለት ሦስት ኩንታል ስንዴ ቢሰጥ ነው።»

ማሽኑ የጻፈው ደግሞ፦

«ዘንድሮ ኖራ ጨመርን፤ የጨመርንበት ቀዳ 23 ኩንታል ስንዴ ቢሰጥ ነው።»

እዚህ ውስጥ ዓይን የሚይዘው የመሬት መለኪያው «ቃዳ» «ቀዳ» ሆኖ መጻፉ ብቻ ነው። ሌላው ያለችግር ይነበባል፣ ትርጉሙ ግን ተገልብጧል።

«አል…ም» የሚለው አፍራሽ እንዴት ጠፋ? «ኖራ» በ«አ» ድምፅ ያበቃል፣ «አልጨመርንም» በ«አ» ይጀምራል፤ በፈጣን ንግግር ሁለቱ ይዋዋጣሉ። መጨረሻ ላይ ያለችው «ም» ደግሞ ደካማ ናት። «ያልጨመርንበት» ላይማ ጭራሽ «ም» የለችም፣ ልዩነቱን የምትሸከመው በ«የ» ፋንታ የመጣችው «ያል» ብቻ ናት። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው አፍራሽ ግስ ነው። የጠፋን ነገር ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፣ አፍራሽ የሚወዱ ቃላትን መፈለግ ግን ይቻላል፤ በ Ctrl+F «ምንም»፣ «ማንም»፣ «ገና»፣ «በጭራሽ» ብሎ መፈለግ ነው። «ምንም ምርት አገኘን» የሚል ከተገኘ አንድ ነገር ተውጧል፣ እዚያ ቦታ ሄዶ መስማት ነው። «ያል» የነበረበትን ግን በዚህ መንገድ ማግኘት አይቻልም። ለጥቅስ የሚወሰድ ዓረፍተ ነገር ሁሉ በጆሮ ይረጋገጥ የምለው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ቁጥር። «ሁለት ሦስት» ማለት ግምት ነው፤ ወደ አሃዝ የሚቀይር ፕሮግራም ግን አጣብቆ 23 ሊያደርገው ይችላል። «ሰባት ኩንታል» ሲባልም «ት» ከተዋጠች ሰባ ይሆናል። ማጣሪያው ቀላል ሂሳብ ነው። ቃዳ ወደ ሩብ ሄክታር ገደማ ስለሆነ በአራት ይባዛል፦ 23 ሲባዛ በሄክታር 92 ኩንታል ይሆናል፣ ኖራ አጥቶ የደከመ መሬት ይህን አይሰጥም። ሁለት ሦስቱ ግን 8 እስከ 12 ይመጣል፣ ያስኬዳል።

የቦታ ስም ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ቡሬ «በሬ»፣ ሞጣ «መጣ» ሆነው ይወጣሉ፤ ስለ እርሻ በሚወራበት ቅጂ ውስጥ በሬ የትም ቦታ ያምራል። ቀድሞ የስም ዝርዝር መያዝና የሚመስሏቸውን ቃላት መፈለግ በቂ ነው፤ ሁሉንም በአንዴ መተካት ግን እውነተኛውን በሬ ከተማ ያደርገዋል።

ብዙ ሰው የሚረሳው የመልሱን መጀመሪያ ነው። ጠያቂው «እሺ፣ እሺ» እያለ ይደርባል፣ «ኧረ የለም» የምትለው ቃል ደግሞ የምትወድቀው እዚያው ላይ ነው። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበው «አዎ» የሚሉም አሉ፤ እኛ መልሱን ሰምተናል፣ ማሽኑ ግን ብዙ ጊዜ ምንም አይጽፍለትም። አዎ ወይም አይደለም የሚያስመልስ ጥያቄ ቀርቦ መልሱ ከተዘለለ፣ ወይ ገበሬው ዝም ብለዋል ወይ ትንፋሽ ስበዋል፤ ሄዶ መስማት ነው።

ዝምታም ጣጣ አለው። ዊስፐር ድምፁን በ30 ሰከንድ እየቆረጠ ነው የሚሠራው። ገበሬው ከብት ሊመልሱ ተነስተው ነፋስ ብቻ ከተቀዳ፣ ያልተባለ ዓረፍተ ነገር ፈጥሮ ሊያስገባ ወይም አንዱን ሐረግ ደጋግሞ ሊጽፍ ይችላል። ለቀጣዩ ቁራጭ የቀደመውን ጽሑፍ እንደ መነሻ ስለሚጠቀምም ድግግሞሹ ንግግር ከተጀመረ በኋላ ሊቀጥል ይችላል። ምልክቱ ተመሳሳይ መስመር ሁለት ሦስቴ መምጣቱ ነው፤ ሲገኝ ከድግግሞሹ ትንሽ ቀደም ካለው ሰዓት ጀምሮ፣ ንግግሩና ጽሑፉ ዳግም እስኪገጥሙ ድረስ ይሰማል።

«ሀ» እና «ሐ»፣ «ሰ» እና «ሠ» መጨረሻ ይደርሳሉ፣ ለእነሱ ቅጂውን መክፈት አያስፈልግም። እኔ በፊት ከእነሱ ነበር የምጀምረው። ፊደሉን ሳስተካክል አምሽቼ «የጨመርንበት»ን አልፌዋለሁ።