የመመሪያ ማረጋገጫ መልስ ምንድን ነው?

ለቻትቦት ረጅም መመሪያ ለጥፈው ሥራ የሚጀምሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። «አንተ ልምድ ያለህ የሥራ ቅጥር ጠያቂ ነህ» ብሎ ይነሳና ሃያ ምናምን ሕግ ይደረድራል። ይህ መነሻ ፕሮምፕት ይባላል። ሕጎቹ ከገቡ በኋላ፣ ዋናው ሥራ ሳይጀመር የሚመጣው የመጀመሪያ መልስ ደግሞ ማረጋገጫ መልስ ነው። ጥሩ ማረጋገጫ ሕጎቹን መልሶ አያነብም፤ ተጠቃሚው ሳያውቀው ቢቀር በኋላ የሚቸገርበትን ብቻ ይናገራል።

ካፌ ውስጥ አምስት ሰው ሲያዝ የምናየው ነው። ሥራውን የሚያውቅ አስተናጋጅ ሁሉንም አይደግምም፤ «አንዱ ማኪያቶ ጠቆር ያለ፣ ሳምቡሳ አልቋል፣ ቦምቦሊኖ ይሁን?» ብሎ ይሄዳል። የተለየውን አረጋገጠ፣ የሌለውን ተናገረ፣ መልስ የሚያስፈልገውን ጠየቀ። የቀረው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ይታያል።

በአቪዬሽን ይኸው ነገር በደንብ ተጽፏል። አብራሪው የማኮብኮቢያ ሜዳውን ቁጥር፣ ከፍታውን፣ አቅጣጫውንና የመሳሰለውን ለመቆጣጠሪያ ማማው መልሶ ማንበብ አለበት፤ የሰማውን ሁሉ ግን አይደግምም። «ሮጀር» የምትለዋ ቃልም «የላክኸው ሙሉው ደርሶኛል» ከማለት አታልፍም፤ መልሶ ማንበብ በሚያስፈልግበት ቦታ በምትኩ አትሠራም። ቻትቦት ላይ የምናየው «እሺ፣ ሁሉንም ተረድቻለሁ» ከሮጀርም ያነሰ ነው። ቻትቦቱን የሚያንቀሳቅሰው ሞዴል ሕጉን ይጠብቅም አይጠብቅ ያችኑ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አይቸግረውም።

አንድ መመሪያ ይዘን እንየው። ተጠቃሚዋ ለባንክ የደንበኞች አገልግሎት ሥራ የእንግሊዝኛ ቃለ መጠይቅ መለማመድ ትፈልጋለች። ሌላ ሰው ያዘጋጀውን መመሪያ ወስዳ የራሷን ጨማምራበት 24 ሕግ ሆኗል። አብዛኞቹ ቀላል ናቸው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ አድናቆት አያስፈልግም፣ ምልክትና ሥዕል አይግባ፣ ጥያቄው በእንግሊዝኛ እርማቱ በአማርኛ። ቁም ነገሩ ያለው በሚከተሉት ውስጥ ነው፦

```
ሕግ 6፦ ከእያንዳንዱ መልሴ በኋላ 3 ስህተት አርም
ሕግ 9፦ «ዝለል» ስል ወደ ቀጣዩ ጥያቄ እለፍ
ሕግ 10፦ «በቃ» ስል ልምምዱን ዝጋና ከ10 ነጥብ ስጠኝ
ሕግ 13፦ ጥያቄዎቹን ከሥራ ልምዴ አውጣ
ሕግ 14፦ መልስህ ከ80 ቃል አይብለጥ
ሕግ 17፦ ለእያንዳንዱ እርማት የእኔን ዓረፍተ ነገር፣
        የታረመውን፣ ምክንያቱንና 2 ምሳሌ ጻፍ
ሕግ 21፦ ስህተቶቼን አስታውስና ነገ በነሱ ጀምር
```

ሕግ 6፣ 14 እና 17 ለየብቻቸው ሲነበቡ ምንም የላቸውም፤ ሲደመሩ ነው የሚጣሉት። የተሳሳተው ዓረፍተ ነገር 10 ቃል፣ የታረመው 10፣ ምክንያቱ 10፣ ሁለቱ ምሳሌዎች 16 ቢሆኑ አንድ እርማት 46 ቃል ይፈጃል። ሦስት እርማት 138 ነው፤ ቀጣዩ ጥያቄ ገና አልተቆጠረም። ስለዚህ ከሦስቱ ሕጎች አንዱ መሰበሩ አይቀርም። ማረጋገጫው ዝም ካለ ሞዴሉ የትኛውን እንደሚሰብር በየመልሱ ይለያያል። አንዴ ምሳሌውን ይውጣል፣ ሌላ ጊዜ 150 ቃል ይጽፋል። ተጠቃሚዋም «ሕጉን ረሳው» ብላ ታማርራለች፣ ችግሩ ግን ከመርሳት አልመጣም።

ሕግ 21 ሌላ ዓይነት ነው፤ አገልግሎቱ በራሱ ላይችለው ይችላል። ከውይይት ውይይት የሚሻገር ማስታወሻ ካልተከፈተ በስተቀር አዲስ ውይይት ባዶ ሆኖ ነው የሚጀምረው። ሕግ 13 ላይ ደግሞ የጎደለ ነገር አለ፦ የሥራ ልምዷ የትም አልተጻፈም።

«በቃ» ላይ ያለው ችግር የአማርኛ ነው። ከእንግሊዝኛ በተተረጎመ መመሪያ ውስጥ የማቆሚያ ቃል ሆኖ ሲገባ ማንም ልብ አይለውም። እኛ ግን «በቃ ይህን ጥያቄ አልወደድኩትም» እንላለን፣ «በቃ እሺ» እንላለን። ልምምዱ መሃል ላይ ተዘግቶ ከ10 አራት ነጥብ ሲመጣ ነው የሚታወቀን። ስለዚህ ማረጋገጫው ቃሉ ለብቻው ሲጻፍ ብቻ እንደሚሠራ መናገር አለበት። «ዝለል» እና «በቃ» ማረጋገጫው ውስጥ መጠራታቸው ራሱ ይጠቅማል፤ መመሪያውን ከሌላ ሰው የወሰደ ሰው ዘጠነኛው ሕግ ላይ ምን እንዳለ ላያስታውስ ይችላል።

ለዚህ መመሪያ የናሙና መልስ የሚያዘጋጅ ሰው እንዲህ ብሎ ቢጽፍ ይበቃል፦

«‹ዝለል› ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ያሳልፋል፤ ‹በቃ› ለብቻው ሲጻፍ ልምምዱን ይዘጋል። ሦስት እርማት ከነምሳሌው በ80 ቃል ስለማይገባ በአንድ መልስ ዋናውን አንድ ስህተት ብቻ አርማለሁ፤ ሦስቱንም ከፈለጉ 80ውን እንተወው። አዲስ ውይይት ሲከፍቱ የዛሬው ስህተት ስለማይከተለን፣ ሲዘጋ የስህተቶቹን ዝርዝር አወጣለሁ፤ ነገ ከመመሪያው ስር ይለጥፉት። ለመጀመር የሥራ ልምድዎን በሁለት ሦስት መስመር ይላኩልኝ።»

ሃምሳ ቃል እንኳ አይሞላም፤ ይህም በአጋጣሚ አይደለም። 80 ቃል አትለፍ የተባለ መልስ 24ቱን ሕግ በመዘርዘር ከጀመረ ገና ከመነሻው ሕግ 14ን ሰብሯል። ግጭቱ የተነገረበትን መንገድም ልብ ይሏል፦ «የቱን ይመርጣሉ?» ብሎ አልቆመም። ካልተነገረው በአንድ እርማት እንደሚሄድ ወስኗል፣ መቀየሪያውንም ሰጥቷል። ተጠቃሚዋ ምንም ባትል ሥራው አይቆምም። የሚያስቆመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም የሥራ ልምዷ ነውና መጨረሻ ላይ ተቀመጠ፣ ምክንያቱም ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመልሰው መጨረሻ ላይ ያነበበውን ነው።

«እርስዎ» የተባለውም ለይስሙላ አይደለም። በአማርኛ ለአንድ ሰው ሲጻፍ «እርስዎ» ካልተባለ አንተ ወይም አንቺ መምረጥ ግድ ነው፤ መመሪያው ውስጥ ደግሞ ጾታዋን የሚናገር ነገር የለም። «እንደ ጓደኛ አናግረኝ» የሚል ሕግ ቢኖር ኖሮ ማረጋገጫው «አንቺ ልበል ወይስ አንተ?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ይህ ሳይጠየቅ ሲታለፍ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ «አንተ» ነው።

የቀሩት ሕጎች ስማቸው አልተነሳም። አድናቆት አለማብዛቱ በሥራው ይታያል፤ «አላደንቅዎትም» ብሎ ማወጅ ምንም አይጨምርም። ለመለየት የሚረዳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ተጠቃሚው ይህን ቢያውቅ የሚያደርገው ነገር ይለወጣል ወይ? የሚጽፈው ትእዛዝ፣ የማያገኘው ነገር፣ እርስ በርሱ የተጣላ ሕግ፣ የጎደለ መረጃ ከሆነ አዎ። የአጻጻፍ ሁኔታ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይደለም።

ሕጎቹን ሁሉ መልሶ መጻፍ ከመሰልቸት ያለፈ ጉዳት አለው። ሞዴሉ የቀደመውን ውይይት በራሱ አይዝም፤ በእያንዳንዱ መልስ ከላይ ያለው ጽሑፍ በሙሉ እንደገና ይሰጠዋል፤ የማረጋገጫ መልሱም አብሮ። ማረጋገጫው «3 ስህተት አርም» የሚለውን «ዋና ዋና ስህተቶችን አርማለሁ» ብሎ ከጻፈው ከዚያ በኋላ በውይይቱ ውስጥ ሁለት ሕግ አለ፦ የተጠቃሚዋና የቻትቦቱ ቅጂ። ቅጂው ለስራው ቅርብ ስለሆነ ቀስ በቀስ ዋናውን ሊተካ ይችላል። በዚህ ላይ የመጀመሪያው መልስ በነጥብ በነጥብ የተዘረዘረ ረጅም ነገር ከሆነ የሚከተሉትም ያንን መልክ መያዝ ይወዳሉ። ለዚህ ነው ማረጋገጫ ውስጥ ቁጥርና የትእዛዝ ቃል ከተጠራ እንደተጻፈ መጠራት ያለበት፤ 3ቱን «ጥቂት» ማለት ሕግ መቀየር ነው።

ማረጋገጫው ያልተጻፈ ነገር ቢጨምርስ፣ ለምሳሌ «እያበረታታሁ አርማለሁ» ቢል? ከሥር «አይ፣ ማበረታቻ አልፈልግም» ብሎ መጨመር ይሠራል፣ ግን የተሳሳተው ዓረፍተ ነገር ከነሕይወቱ ከላይ ይቀራል። የሚሻለው ወደ መጀመሪያው መልእክት ተመልሶ ማስተካከልና ከዚያ መቀጠል ነው፤ ብዙዎቹ አገልግሎቶች ይህን ይፈቅዳሉ።

ሕጉን በሙሉ መድገም የሚገባበት ጊዜም አለ። ተጠቃሚው ራሱ «የገባህን ንገረኝ» ካለ ይነገረዋል። በተቃራኒው ብዙ የተዘጋጁ መመሪያዎች «ከገባህ እሺ ብቻ በል» ብለው ነው የሚያልቁት። እንዲህ ከተባለ «እሺ» ማለት ነው፤ ግጭቱም በተፈጠረበት መልስ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል። ይህች መስመር ግን ከመመሪያው ብትወጣ ይሻላል፤ የሚጣሉትን ሕጎች በነፃ የማወቂያዋን ጊዜ ታስቀራለች።

መመሪያውን የጻፈው ድርጅት ሲሆን፣ ደንበኛው ደግሞ ጨርሶ ሳያየው ሲቀር፣ ነገሩ ይበልጥ ጥብቅ ይሆናል። ደንበኛው ስለ ሕጎቹ ምንም መስማት አያስፈልገውም፤ የሚያግደውን ግን ከመጀመሪያው ሰላምታ ላይ መስማት አለበት። «የሒሳብዎን ቀሪ ማየት አልችልም፤ ስለ ቅርንጫፎችና ስለ አገልግሎት ሰዓት ግን እመልሳለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር የሒሳብ ቁጥሩን ከመጻፍ ያድነዋል።

ማረጋገጫው ጥሩ ሆኖ እንኳ ሕጎቹ መጠበቃቸው የሚታወቀው በሙከራ ነው። በእኛ መመሪያ ላይ ሆን ተብሎ አራት ስህተት ያለበት መልስ ተጽፎ ይላካል። ማረጋገጫው አንድ ብሎ ሳለ ከአንድ በላይ እርማት ከመጣ፣ ወይም እርማቱ በእንግሊዝኛ ከሆነ፣ ወይም «ጎበዝ!» ብሎ ከጀመረ፣ የተሰበረው ሕግ የቱ እንደሆነ ከመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ይታወቃል። ቀጥሎ «በቃ ሌላ ጥያቄ ይሁን» ተብሎ ይጻፋል፤ ነጥብ ይዞ ከመጣ ሕግ 10 እንደገና መጻፍ አለበት፣ ምናልባትም «ጨርስ» በሚል ቃል።